አራስ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ቃል የማን ነው?

«ይድረስ ለእትዬ፤ የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። ካገባሁ ገና አምስት ወሬ ነው። የባለቤቴ ታላቅ እህት ደብረ ብርሃን ውስጥ ሦስተኛ ሴት ልጇን ከወለደች ሁለት ሳምንት ስለሆናት በመጪው ቅዳሜ አራስ ልንጠይቅ እንሄዳለን። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች፣ ወንድሞቼም ገና ስላላገቡ፣ እንዲህ ያለ ቤት ገብቼ አላውቅም። ባለፈው ዓመት አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራዋን አባት ‹ኮንግራ› ብያቸው ምን እንደሚመልሱልኝ ግራ ሲገባቸው አይቼ አፍሬ ነበር። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሙስሊም የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ያገባል። ስገባ መጀመሪያ ለማን፣ ምን ልበል? ከምንስ ልጠንቀቅ? አማቹ፣ ከአዲስ አበባ።»

ልጄ፣ የሙሽራዋ አባት ግራ የገባቸው ቃልህን ንቀውት አይመስለኝም። በአማርኛ ደስታ የሚገለጽበት ቃል መልስ አለው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበላል። «እንኳን ደስ አላችሁ» ብትላቸው ኖሮ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ብለው ወዲያውኑ ይመልሱልህ ነበር፤ በዚያች መልስም አንተን የደስታቸው ተካፋይ ያደርጉህ ነበር። «ኮንግራ» ግን በእኩዮችህ መካከል ቢለመድም ለእሳቸው የሚይዙበት ጫፍ የለውም። እጃቸውን ዘርግተው የሚጨብጣቸው እንዳጡ ቆጥረህ እርሳው፤ ቅዳሜ የምትሄድበት ቤት ግን ቃሉን ከነመልሱ ይዘህ እንድትገባ እፈልጋለሁ።

አማርኛችን ደስታን በሁለት እርምጃ እንደሚገልጽ ልብ ብለህ ይሆናል። የመጀመሪያው «እንኳን» ብሎ የሚጀምረው ነው፤ እሱ የሚናገረው ስላለፈው፣ ስለ ሆነው፣ ከእንግዲህ ስለማይወሰደው ነገር ነው፤ እንኳን ማረሽ፣ እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት እንላለን። ሁለተኛው ምርቃት ነው፤ እሱ ገና ስለሚመጣው ይለምናል፤ ያሳድግልሽ፣ ያኑራችሁ፣ ያሳይዎት እንላለን። አንዱን የ«እንኳን» ዓረፍተ ነገርና አንዱን ምርቃት አስከትለህ ከተናገርክ በኋላ ዝም ብለህ መልሱን ትጠብቃለህ፤ በማንኛውም የደስታ ቤት ከዚህ የበለጠ ንግግር አይጠበቅብህም። የሚያስቸግረው እያንዳንዱ ቃል የራሱ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው፤ የእናቲቱን ለአባት፣ የአያቲቱን ለሕፃኗ ከሰጠኸው ቃሉ መልካም ሆኖ ሳለ ቦታውን ይስታል።

በአራስ ቤት የመጀመሪያው ቃል የወላዷ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላታለህ፤ እሷም «ማርያም ታኑርህ» ትልሃለች። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ የሰማነው ሰዎች ስለተለማመድነው ውስጡን አናየውም፤ አንተ ግን አሁን አዲስ ስለሆንክበት ቀስ ብለህ ብታየው ደስ ይለኛል። ቃሉ ሕፃኗን አይጠራትም፤ ወንድ ነው ሴት፣ ያምራል አያምርም፣ ምን ያህል ይመዝናል የሚል ነገር በውስጡ የለም። የሚናገረው ስለ እናቲቱ ብቻ ነው፤ ከሞት አፋፍ ስለተመለሰች፣ ምሕረት ስላገኘች እንኳን ደስ አላት ይላል። ከመውለዷ በፊት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ሲሏት የከረሙት ጎረቤቶችና ዘመዶች ልመናቸው መሰማቱን የሚያረጋግጡበት ቃልም ይኸው ነው።

ይህ ቃል ካለ ምክንያት አልመጣም። በልጅነቴ ሴቶች ሲያወጉ የአራስ መቃብር አርባ ቀን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ያን ጊዜ ያስፈራኝ የነበረው አነጋገር ስወልድ ገባኝ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር፤ በ2016 ግምቱ ወደ 412 ዝቅ ብሏል። ቁጥሩ ቢቀንስም ገና ትልቅ ነው። ስለዚህ የባለቤትህ እህት ለሦስተኛ ጊዜ ወልዳ በአልጋዋ ላይ ተደግፋ ስታገኛት «ማረችሽ» የሚለው ቃል ለወጉ ያህል የሚባል አይደለም፤ በዚያ ቤት ውስጥ ከሆነው ነገር ሁሉ ትልቁን የሚጠራ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁ ጊዜ ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ በሰው ሞልቶ የገባ ሁሉ በቀጥታ ወደ ልጅቷ ያልፍ ነበር፤ ጨርቁን ገልጠው ያዩዋታል፣ አፍንጫዋ የማን እንደሆነ ይከራከራሉ፣ እኔም ከአጠገቧ ተኝቼ አያለሁ። የሚያየኝ ግን አልነበረም። ወደ ማታ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ገቡ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ከመጋረጃው አጠገብ ቆሙ፤ ልጅቷን አላዩዋትም። እኔን አይተው «እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ» አሉኝና ዝም አሉ፤ ድምፄ እስኪወጣ ድረስ ጠበቁኝ። «ማርያም ታኑርዎት» ስላቸው እንባዬ መጣ፤ እሳቸውም ምንም ሳይሉ እግሬን በብርድ ልብሱ ላይ መታ መታ አደረጉልኝ። ወደ ልጅቷ የዞሩት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀን ከመጡት እንግዶች የብዙዎቹን ቃል ረስቼዋለሁ፤ የእሳቸውን ግን ዛሬም ድረስ እሰማዋለሁ።

እንግዲህ ቅዳሜን አብረን እንሂድበት። በሩን ስታንኳኩ ምናልባት የምትከፍትላችሁ አማትህ ትሆናለች፤ በብዙ ቤት አራስ የምታርሰው የወላዷ እናት ናትና። ወላዷ ከመጋረጃ ጀርባ ወይም በሌላ ክፍል ውስጥ ስላለች የመጀመሪያዋን ሰላምታ የምትሰጠው ለአማትህ መሆኑ አይቀርም፤ በእድሜም በክብርም ይገባታል። ዝቅ ብለህ ሰላም ካልካት በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችልዎት፤ እንኳን የልጅ ልጅ ለማየት አበቃዎት» በላት። «ማረችልዎት» የሚለውን አስተውል፤ ልጅዋ ስለተረፈችላት ነው የምታመሰግነው። እሷም «ማርያም ታኑርህ» ወይም «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ትልሃለች። አማትህን ባለቤትህ እንደምትጠራት ጥራት፤ «አንቱ» ማለቱን ግን አትተው፤ ባለቤትህ «አንቺ» ብትላትም እሷ ልጅ ናት፣ አንተ አማች ነህ። ከላይ እኔ ሳወራህ «እሷ» ያልኳት እኔና እሷ በእድሜ ስለምንቀራረብ ነው።

ቀጥሎ ይህ ቤት ለአምስት ወር ሙሽሮች የሚያዘጋጀው አንድ ቃል አለ፤ ሳትሰማው አትወጣም። «ለእናንተም ያድርግላችሁ» ወይም «እናንተንም እንዲህ ለማየት ያብቃን» ይሏችኋል። ምርቃት ስለሆነ መልሱ «አሜን» ብቻ ነው። ገና ነን፣ ቤት ሳንሠራ አናስብም፣ ወይም እየሞከርን ነው እያልክ ማብራራት አያስፈልግህም፤ ባለቤትህም ብትሆን በዚያ ፊት ስለዚህ ጉዳይ መልስ ስጪ መባል የለባትም። ጥያቄው ከምርቃት አልፎ «ምን ትጠብቃላችሁ?» ወደሚል ከሄደ ደግሞ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለህ ወሬውን ወደ አራሷ መልሰው።

ወደ ወላዷ ከመግባትህ በፊት እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ማንም ባያዝህም ታጠብ። ጉንፋን ከያዘህ ደግሞ ጉዞውን ለሌላ ቅዳሜ አዛውረው፤ የሁለት ሳምንት ሕፃን ባለችበት ቤት ይሉኝታ ቦታ የለውም። ወንድ እንደመሆንህ «ግባ» እስክትባል ጠብቅ፤ ልብሷን የምታስተካክልበት ወይም ልጅዋን ጡት አጥብታ የምትጨርስበት ጊዜ ያስፈልጋታል። ስትገባ ሕፃኗ እናቷ ደረት ላይ ብትሆን እንኳ ዓይንህ መጀመሪያ እናቲቱ ላይ ይረፍ። ከዚያ፣

«እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ጤናሽን ትመልስልሽ።»

ይኸው ነው። ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ በእርጋታ፣ ፊቷን እያየህ። የባለቤትህን ታላቅ እህት «አንቺ» እንደምትላት ገምቼ ነው፤ «እርስዎ» የምትላት ከሆነ «እንኳን ማርያም ማረችዎት» ብለህ ታከብራታለህ። «ማርያም ታኑርህ» ካለችህ በኋላ «እንዴት ነሽ? ትንሽ ታርፊያለሽ?» ብትላት ደግሞ ብዙ ሰው ያልጠየቃትን ትጠይቃታለህ። ምጡ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ በምጥ ይሁን በኦፕራሲዮን እንደወለደች፣ ወተቷ ይበቃ እንደሆነ ግን አትጠይቃት፤ ልታወራው ከፈለገች ራሷ ታነሳዋለች፣ ከአንተ ይልቅ ከባለቤትህ ጋር ማውራትም ይቀላታል። ወፍረሻል፣ ከስተሻል፣ ገርጥተሻል የሚል ነገር በየትኛውም መልኩ ከአፍህ አይውጣ።

ከእሷ በኋላ የአባትየው ተራ ነው። ብዙ ጊዜ እሱ ዳር ቆሞ ወንበር ሲያመቻች ይታለፋል። «እንኳን ደስ አለህ፤ እንኳን ማርያም ማረችልህ፤ እግዚአብሔር ያሳድግልህ» ስትለው እጁን አጥብቀህ ያዘው፤ እነዚያን የምጥ ሰዓታት እሱም በር ላይ ቆሞ አሳልፏቸዋል።

ሕፃኗ የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለእሷም የራሷ ቃል አላት። «እደጊ» ትላታለህ፤ «እደጊ፣ ተመንደጊ» ብትላትም ያምራል። ወንድ ቢሆን «እደግ ተመንደግ» እንለው ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ፤ በብዙ ቤት ሕፃንን ባዶውን ማድነቅ ያስፈራል። «አቤት ስታምር!» ብሎ ዝም ማለት አድናቂው ክፉ ባያስብም የቤቱን ሰው ልብ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ከክፉ ዓይን የሚሰጉ እናቶችና አያቶች ዛሬም ብዙ ናቸው። አንተ ብታምንበትም ባታምንበትም ፍርሃታቸውን ማክበር አይከብድም፤ ያደነቅክበትን ቃል ሳታሳድር በምርቃት ዝጋው። «ስታምር! ማርያም ታሳድጋት» ስትል አያቲቱ «አሜን» ብላ ትረጋጋለች። ካልሰጡህ በቀር አትቀፋት፤ ቢሰጡህም ፊቷንና እጇን አትሳማት። ስሟን መጠየቅ ትችላለህ፤ «ማን አላችኋት?» በል። ስም ገና ካልወጣላት ወይም የክርስትና ስሟን ማን ሊሉ እንዳሰቡ ካልነገሩህ ግን አትጎትጉታቸው።

አሁን ደብዳቤህ ላይ ካየሁት ነገር ሁሉ ያሳሰበኝን ላንሳ፤ ልጅቱ ሦስተኛ ሴት ናት። በዚያ ቤት ውስጥ ከአንተ በፊት የመጡ እንግዶች «አይዞሽ፣ ቀጣዩ ወንድ ይሆንልሻል» ማለታቸው አይቀርም። ሁለተኛ ልጄም ሴት በሆነች ጊዜ አንዲት ዘመድ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ይህንኑ አለችኝ፤ ልታጽናናኝ ነበር የፈለገችው። እኔ ግን ከደቂቃዎች በፊት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከእሷ ቃል በኋላ ያዘንኩ መሆን እንደነበረብኝ ተነገረኝ። ትልቋ ልጄም እዚያው እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። ዛሬ አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ያችን ቀን ትዝ ይላታል። ስለዚህ «አይዞሽ» የሚለውን ቃል በዚያ ቤት አታንሳ፤ ስለ ቀጣዩም፣ ስለ ወንድ ልጅም አታንሳ። ይልቅስ ሁለቱ ትልልቅ እህቶች ቤት ውስጥ ካሉ ጎንበስ ብለህ «እንኳን ደስ አላችሁ፤ እህት መጣችላችሁ» በላቸው። ሕፃን ሲወለድ የቤቱ ሕፃናት ብዙ ጊዜ የእንግዳው ዓይን አያርፍባቸውም፤ አንተ ስታያቸው እናታቸው ከአልጋዋ ላይ ሆና ታያለች።

ከዚያ ገንፎ ይቀርባል። መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ የተሞላ ሲሆን ዳር ዳሩን እየቆረስክ ወደ መሃሉ እያጠቀስክ ትበላለህ፤ ብዙ መብላት አይጠበቅብህም፣ ሳትቀምስ መመለስ ግን ቅር ያሰኛል። አጥሚትም ሊቀርብልህ ይችላል። ከበላህ በኋላ «ቤታችሁ ይባረክ፤ ከዓመት ዓመት አይጉደልባችሁ» ብትል ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ተነሱ፤ አማትህ «ምን አስቸኮላችሁ?» ትላለች፣ ደንቡ ነው፤ አራሷ ግን ዓይኗ ሲከደን ታየዋለህ። ስትወጣ በሩ ላይ የምትተወው ቃል የሚመጣውን ቀን ይጠራል፤ ቤተሰቡ ኦርቶዶክስ ስለሆነና ልጅቱ ሴት ስለሆነች ክርስትና የምትነሳው በ80ኛው ቀን ነው፣ ወንድ ቢሆን በ40ኛው ነበር። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ የሚለው ከዚህ ሥርዓት ጋር አብሮ ይነገራል። ስለዚህ «ለክርስትናዋ በሰላም ያድርሳችሁ» በል፤ ጠርተውህ ስትመጣ ደግሞ «እንኳን ለክርስትናዋ አደረሳችሁ» ትላለህ። ለ40ው ቀን ብለህ ተሳስተህ ብትመርቅ ማንም አይቀየምህም፤ አማትህ ግን በፈገግታ ታርምሃለች።

ኦርቶዶክስ ባልሆነ ቤት ውስጥ፣ ወይም የቤቱን እምነት ሳታውቅ ስትገባ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» በል። ይህ ቃል በሁሉም ቤት ይገባል፤ እሱም እንደ ፊተኛው ስለ እናቲቱ የሚናገር ነው። በፕሮቴስታንት ቤት «እንኳን ጌታ ረዳሽ» ሲባል ትሰማለህ። በሙስሊም ቤት ሕፃኑን ስታይ «ማሻአላህ» ማለት እኛ «እደግ» ብለን ምስጋናውን የምንዘጋበትን ሥራ ይሠራል፤ ምርቃቱም «አላህ ያሳድግልሽ፤ ሷሊህ ያድርግልሽ» ነው፤ «ሷሊህ» ምግባረ መልካም ማለት ነው።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ አንድ ቀን ያጋጥምሃልና። ልጁ ሳይተርፍ የቀረበት፣ ወይም ከመንታዎቹ አንዱ ብቻ የተረፈበት ቤት ትገባለህ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ምን እንደሚል ስለሚጨንቀው መሄዱን ይተዋል፤ እናቲቱም ከልጅዋ በተጨማሪ ሰው ታጣለች። እዚያ ቤት ስትገባ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «እንኳን አንቺን አተረፈልን፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» በላት። ወጣት ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ፣ ምክንያት ይኖረዋል የሚሉትን ለሌላ ሰው ተዋቸው። ከመንታዎቹ አንዱ ከተረፈ ሁለቱንም ጥራ፤ ለተረፈው «ያሳድግልሽ»፣ ላጣችው «ያጽናሽ» ይባላል፤ አንዱን ብቻ ከጠራህ ሌላው እንዳልነበረ ይሆንባታል።

ወደ ሰርጉ ስንመጣ ደንቡ ያው ነው፤ የ«እንኳን» ቃልና ምርቃት፣ ለየባለቤቱ። ወላጆች በር ላይ ቆመው እንግዳ ሲቀበሉ «እንኳን ደስ አላችሁ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ» በላቸው፤ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ይሉሃል። «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚሉም ብዙ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ስለማያስወቅሰው በለመደልህ ተናገር። የሙሽራዋን እናት ዓይኗ ቀልቶ ካገኘሃት ደግሞ አትደንግጥ፤ ልጅዋን ከቤት እየሸኘች ነው። «ለምን ያለቅሳሉ? ደስ ሊልዎት ሲገባ» አትበላት። «እንኳን ደስ አለዎት፤ የልጅ ልጅ ያሳይዎት» ብለህ እጇን ይዘህ እለፍ።

ሙሽሮቹ ፊት የምትቆመው ከኋላህ ብዙ ሰው ተሰልፎ ነው፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ አለህ። «እንኳን ደስ አላችሁ፤ ትዳራችሁን የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ» ብትል ሙሉ ነው። «ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ» የሚለውን የአባቶች ምርቃት እወደዋለሁ፤ ይሁንና ሙሽራዋ በእድሜ ገፋ ያለች ከሆነች፣ ወይም ስለ ልጅ ሐሳብ እንዳለባቸው ካወቅክ፣ ለአንተ ምርቃት የሆነው ለእነሱ ቁስል ሊነካባቸው ስለሚችል «አብሮ ያስረጃችሁ» የሚለውን ምረጥ። እሱ ማንንም አይጎዳም፤ እኔ እንዲያውም ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ።

የባልደረባህን ሰርግ በተመለከተ ኒካሑ ላይ ከተገኘህ ሙስሊሞቹ ሙሽራውን «ባረከላሁ ለከ፣ ወባረከ ዐለይክ፣ ወጀመዐ በይነኩማ ፊ ኸይር» ሲሉት ትሰማለህ፤ አላህ ይባርክልህ፣ በረከቱን ባንተ ላይ ያውርድ፣ ሁለታችሁንም በመልካም ያጣምራችሁ ማለት ነው። ይህ በሐዲስ የተላለፈ ዱዓ ስለሆነ በደንብ ካላወቅከው በአፍህ እያሰናከልክ ከምታነበንበው በራስህ ቋንቋ ብትናገር የተሻለ ነው፤ «እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፤ አላህ ትዳርህን ያሳምርልህ» ስትለው ከልብህ መሆኑን ይረዳል። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ከተቀመጡ የሙሽራዋን ቤተሰብ ለማግኘት ወዲያ አትሻገር፤ ሙሽራዋን ካገኘሃት ደግሞ እጅህን አስቀድመህ አትዘርጋ፣ ደረትህ ላይ አድርገህ «እንኳን ደስ አለሽ» በላት። ብትዘረጋልህ ትጨብጣለህ፤ ካልዘረጋች ግን የጎደለብህ ነገር የለም።

መሄድ ባትችል መልእክት ከመላክ ይልቅ ደውል፤ ስትደውል አራሷን አትጥራት፤ ተኝታ ይሆናል። ለእናቷ ወይም ለባሏ ደውለህ «እንኳን ማርያም ማረችላችሁ፤ አድርሱልኝ» ካልክ ቃልህ ትደርሳለች። በጽሑፍ ከላክህም ያንኑ ሁለቱን ዓረፍተ ነገር በፊደል ጻፍ፤ አበባና ፊኛ ያለበት ሥዕል ብቻውን አይበቃም።

የቅዳሜውን ጉዞ ከአዲስ አበባ በማለዳ ጀምሩ፤ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዳችሁ ላይ ሸኖ አለች፤ እዚያ ወርዳችሁ ቅቤ ግዙ፣ ለአራስ ገንፎ የሸኖን ቅቤ የሚያስንቅ ነገር አላውቅም። ሁለት ኪሎ ያህል ከገዛችሁ አማትህ እጅ ላይ ስታኖሩት «ለአራሷ ገንፎ ትሁን» በላት። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከሸኖ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው መንገድ ለባለቤትህ ድምፅህን እያሰማህ ተለማመዳቸው፤ «ማርያም ታኑርህ» የምትለውን ቦታ እሷ ትያዝልህ።